ለሁለት ጠርዝ እና ለላች ሰርኪዩት የትኛው ክሎክ በፈር ይሻላል? ተራ ሲሞስ፣ ዲፈረንሻል ወይስ ፒኤልኤል

ክሎክ በፈር የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው የአውትፑቶቹን ብዛትና ጂተሩን ነው። ሰርኪዩታችሁ ዳታ የሚይዘው በሁለቱም ጠርዝ ከሆነ ወይም በላች የተሠራ ከሆነ ግን ዳታሺቱ ላይ tsk(p) የተባለውን መስመር አስቀድሙ። ትርጉሙ |tPLH − tPHL| ነው፤ የሚወጣው ጠርዝና የሚወርደው ጠርዝ በፈሩን አቋርጠው ለማለፍ በሚፈጅባቸው ጊዜ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ፣ እኩል ለእኩል ተከፍሎ የገባው ክሎክ አንዱ ግማሽ ረዝሞ፣ ሌላው አጥሮ ይወጣል።

200 ሜጋኸርዝ ክሎክ እንውሰድ። ሙሉ ዙሩ 5 ናኖሰከንድ፣ ግማሹ 2.5 ነው። በፈሩ የሚወርደውን ጠርዝ በ300 ፒኮሰከንድ ቢያዘገየው የላይኛው ግማሽ 2.8፣ የታችኛው 2.2 ናኖሰከንድ ይሆናል፤ ዱቲ ሳይክሉ 56 በመቶ ደረሰ ማለት ነው። አሁን በሁለቱም ጠርዝ የሚሠራው ሰርኪዩት ከፍሊፕ-ፍሎፑ ለመውጣት 0.6፣ ለሎጂኩ 1.3፣ ለሴትአፕ 0.4፣ በድምሩ 2.3 ናኖሰከንድ ይፈልጋል እንበል። ወረቀት ላይ 200 ፒኮሰከንድ ይተርፈው ነበር። በታችኛው ግማሽ ግን 100 ፒኮሰከንድ ይጎድለዋል። በሚወጣው ጠርዝ ብቻ የሚሠራ ሰርኪዩት ይህን በፈር ቢጠቀም ምንም አይነካውም፤ ከአንዱ የሚወጣ ጠርዝ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ያው 5 ናኖሰከንድ ነው። ችግሩ ሳይታይ የሚቆየውም ለዚህ ነው፦ አሮጌው ንድፍ ላይ ለዓመታት ያለ እንከን የሠራ በፈር አዲሱ ላይ ይሰናከላል።

ላች ትንሽ ይታገሳል። ዘግይቶ የደረሰ ዳታ ላቹ ክፍት እስከሆነ ድረስ ከቀጣዩ ምዕራፍ ጊዜ ይበደራል። ነገር ግን የብድሩ ጣሪያ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ከሴትአፕ ሲቀነስ የሚቀረው ነው፤ በእኛ ምሳሌ በታችኛው ግማሽ የሚከፈተው ላች ከ2.1 ወደ 1.8 ናኖሰከንድ ይወርዳል። የበለጠ የሚያሳስበኝ የረዘመው ግማሽ ነው። ሁሉም ላቾች በአንዱ የክሎክ ግማሽ አብረው የሚከፈቱ ከሆነ፣ 300 ፒኮሰከንድ የረዘመ ክፍት ጊዜ አጭሩ መንገድ ላይ ያለ ዳታ ሁለት ላች በአንድ ጊዜ እንዲያልፍ በር ይከፍትለታል። የሴትአፕ ችግር የክሎኩን ፍጥነት በመቀነስ ይፈታል፤ ይህ ግን በዚያ መንገድ አይድንም፤ ክፍት ጊዜው ከዙሩ ጋር አብሮ ስለሚረዝም እንዲያውም ይብሳል።

ስታወዳድሩ የምትሳሳቱበት ቦታ አለ። አንዱ ዳታሺት ፒኮሰከንድ ይሰጣል፣ ሌላው «45–55 በመቶ» ብሎ ያልፋል። መቶኛው ያለ ፍሪክዌንሲው ዋጋ የለውም። በ50 ሜጋኸርዝ የተለካ 5 በመቶ 1 ናኖሰከንድ ነው፤ ያው 1 ናኖሰከንድ በ200 ሜጋኸርዝ 20 በመቶ ይሆናል። በአንጻሩ የእኛ 300 ፒኮሰከንድ በ25 ሜጋኸርዝ 0.75 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ፒኮሰከንድ ቀይራችሁ አወዳድሩ፤ የተጻፈው ቁጥር የተለመደው ሳይሆን ከፍተኛው መሆኑንም አረጋግጡ።

ተራው ሲሞስ በፈር ርካሽና ቀላል ነው። የሚዛነፈው የመቀያየሪያ ቮልቴጁ ከአቅርቦት ቮልቴጁ መሃል ሲርቅ ወይም ወደ ላይ የሚጎትተውና ወደ ታች የሚጎትተው ትራንዚስተር ጉልበታቸው ሳይመጣጠን ሲቀር ነው። የሚገባው ጠርዝ ዝግ ካለ መዛነፉ ይሰፋል። ሁለት ተመሳሳይ በፈሮች ተከታትለው ቢሰኩ መዛነፉ ይደመራል፤ በእኛ ምሳሌ 62 በመቶ ይደርሳል። የሚገለብጡ በፈሮች ሁለት ሁለት ሆነው ሲሰለፉ ግን የአንዱን ጥፋት ሌላው በአብዛኛው ያጣፋዋል። በሁለቱም ጠርዝ ለሚሠራ ፈጣን ሰርኪዩት እኔ ተራውን አልመርጥም።

ዲፈረንሻሉ ጠርዙን የሚወስነው ሁለቱ ሲግናሎች በሚቋረጡበት ነጥብ ስለሆነ የቮልቴጅ መዋዠቅ እምብዛም አይነካውም። ለእንዲህ ያለው ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ ሆኖም መጨረሻ ላይ ወደ ነጠላ ሽቦ የሚቀይረው ሪሲቨር ደካማ ከሆነ መዛነፉ እዚያው ይመለሳል።

ፒኤልኤል ያለው በፈር የተዛነፈ ክሎክ ሲመጣ ያድናል፤ የሚከተለው አንዱን ጠርዝ ብቻ ስለሆነ ሌላውን ራሱ አዲስ ይሠራል። ዋጋው ግን የራሱ ጂተር፣ እስኪቆልፍ የሚጠበቀው ጊዜ፣ እንዲሁም ክሎክ እየቆመ በሚነሳበት ሰርኪዩት ላይ ሊያስቸግር መቻሉ ነው። ክሎካችሁ ኃይል ለመቆጠብ የሚቆም ከሆነ ይህን ተዉት።

የገዛችሁትን ስትሞክሩ ሲሞሱን በአቅርቦት ቮልቴጁ ግማሽ፣ ዲፈረንሻሉን በዜሮ መቋረጫው ላይ ለኩ። ጥፋቱ የምንጩ ይሁን የበፈሩ ለመለየት የዲፈረንሻሉን ሁለት ኢንፑት ሽቦዎች አቀያይሩ። ረጅሙ ግማሽ ከላይ ወደ ታች ከዞረ መዛነፉ ከምንጩ መጥቷል፤ በቦታው ከቀረ የበፈሩ ነው።