ጨምረን ስንከፍል ብድሩ በስንት ወር ያልቃል? ሦስት ማስያዎች ጎን ለጎን

የ600,000 ብር የመኪና ብድር እንያዝ። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ነው፤ መክፈያው 5 ዓመት። ወርሃዊ ክፍያው 14,274 ብር ይመጣል። ተበዳሪው በየወሩ 3,000 ብር መጨመር እችላለሁ ይላል። 60 ወር የነበረው ስንት ይሆናል?

አብዛኛው ሰው የስልኩን ካልኩሌተር አውጥቶ 14,274ን በ60 ያባዛል፣ ያገኘውን 856,440 ለ17,274 ያካፍላል። 50 ወር ገደማ ይሆንለታል። መልሱ ግን 46 ነው። 856,440 ውስጥ የ60 ወር ወለድ ተካቷል። ዋናው ገንዘብ ቶሎ ሲቀንስ ወለዱም አብሮ ስለሚቀንስ ያ ሁሉ ወለድ አይከፈልም። ስለዚህ ይህን መንገድ ከምርጫው አውጥቼዋለሁ። የቀሩት ሦስት ናቸው፦ የኢንተርኔት ማስያ፣ የኤክሴል NPER ቀመር እና ወር በወር የሚሞላ ሠንጠረዥ። ሦስቱም በነጻ ይገኛሉ።

የኢንተርኔት ማስያው ፈጣኑ ነው። የብድሩን መጠን፣ ወለዱን፣ የዓመቱን ብዛትና ተጨማሪውን ክፍያ ትሞላላችሁ፣ ወሩን ይነግራችኋል። የዶላር ምልክት ቢኖረው አያሳስባችሁ፤ ስሌቱ ለብርም ያው ነው። ችግሩ ወርሃዊ ክፍያውን ብዙ ጊዜ ራሱ አስልቶ መነሳቱ ነው። እናንተ ለባንክ የምትከፍሉት የኢንሹራንስ ክፍያ የተጨመረበት ከሆነ ቁጥሩ አይገጥምም። ስለዚህ መጀመሪያ ተጨማሪውን ባዶ ትታችሁ ሞክሩት። ውላችሁ ላይ ያለውን ወርሃዊ ክፍያ ካላወጣ፣ የሚሰጣችሁን የወር ቁጥርም አትመኑ።

NPER ኤክሴል ላይም ጎግል ሺት ላይም አለ፣ ስልክ ላይም ይሠራል። አንድ መስመር ብቻ ነው፦

```
=NPER(15%/12, -17274, 600000)
```

መልሱ 45.84 ነው። 45 ወር ሙሉ 17,274 ትከፍላላችሁ፣ በ46ኛው ወር 14,564 ብር ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ። ጠቅላላ ወለዱ ከ256,440 ወደ 191,894 ብር ይወርዳል። ወደ 64,500 ብር ኪሳችሁ ቀረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው፣ ሁለቱም ቶሎ ይታወቃሉ። ወለዱን ለ12 ሳታካፍሉ ካስገባችሁ #NUM! ይላችኋል። በወር 15 በመቶ ወለድ ማለት 90,000 ብር ነው፤ 17,274 ደግሞ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም፣ ብድሩ መቼም አያልቅም። ከክፍያው ፊት ያለውን የመቀነስ ምልክት ከረሳችሁ ደግሞ -29 የሚባል ትርጉም የሌለው ቁጥር ይወጣል። ብድሩን ከጀመራችሁ ቆይታችሁ ከሆነ በ600,000 ፈንታ ዛሬ የቀረውን ዋና ዕዳ አስገቡ። እሱን ከባንኩ ስቴትመንት ታገኙታላችሁ።

NPER የሚያውቀው ግን አንድ ዓይነት ሕይወት ብቻ ነው፦ በየወሩ እኩል ክፍያ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ወለድ። የኛ ሰው ኑሮ እንዲህ አይደለም። አንዱ ቦነስ ሲወጣለት ነው የሚጨምረው። ሌላው እቁብ ሲደርሰው። ባንኩም ውሉ ከፈቀደለት መሀል ላይ ወለድ ይጨምራል። ለዚህ ሠንጠረዡ ነው መፍትሔው። የመጀመሪያው ረድፍ ይህን ይመስላል፤ A የወሩ ቁጥር፣ B በወሩ መጀመሪያ ያለ ዕዳ፣ C ወለድ፣ D መደበኛ ክፍያ፣ E ተጨማሪ፣ F የቀረ ዕዳ ነው።

```
B2: 600000
C2: =B2*15%/12
D2: =MIN(14274, B2+C2)
F2: =B2+C2-D2-E2
B3: =F2
```

C2፣ D2፣ F2 እና B3ን ወደ ታች ትጎትቷቸዋላችሁ። E ላይ በየወሩ የጨመራችሁትን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፤ ያልጨመራችሁበት ወር ባዶ ይቀራል። F ዜሮ የደረሰበት ወይም ከዜሮ በታች የወረደበት ረድፍ የብድሩ መጨረሻ ነው። ወለዱ ከተቀየረ ከዚያ ወር ጀምሮ 15%ን በአዲሱ ትተካላችሁ፤ ባንኩ መደበኛ ክፍያውንም ከቀየረው 14274ንም እንዲሁ።

ሠንጠረዡ ምን ያህል እንደሚጠቅም በዚሁ ብድር እንየው። በየወሩ 3,000 ከመጨመር ይልቅ ቦነስ ጠብቀን በዓመት አንዴ፣ በ12ኛው ወር፣ 36,000 ብር ብንጨምርስ? በዓመት የሚወጣው ገንዘብ እኩል ነው። E ላይ በ12፣ በ24 እና በ36 ትጽፋላችሁ፤ በ48ኛው ወር ከቦነሱ 11,549 ብር ብቻ በቅቶ ዕዳው ያልቃል። 48 ወር እንጂ 46 አይደለም። ወለዱም 12,800 ብር ገደማ ይበልጣል፤ ምክንያቱም 36,000ው እስከ ቦነስ ድረስ ከዕዳው ላይ ሳይነሳ ወለድ ይቆጥራል። ይህን NPER በአንድ መስመር አይነግራችሁም። የኢንተርኔት ማስያዎችም ሁሉም ለዓመታዊ ጭማሪ ቦታ የላቸውም።

ስለዚህ ገና ብድር ልትወስዱ ከሆነና ሁለት ባንክ እያወዳደራችሁ ከሆነ NPER ይበቃችኋል። ወለዱን ቀይራችሁ ሁለቴ መጻፍ ነው። ብድሩን ከወሰዳችሁ በኋላ ግን ሠንጠረዡን ያዙ። እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። የኢንተርኔት ማስያውን የምመክረው ከሁለቱ ባንዱ የሠራችሁትን ለማመሳከር ብቻ ነው።

ሠንጠረዡን የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት እኔም በየወሩ ጨምሬ እከፍል ነበር። ከአራት ወር በኋላ ስቴትመንት ሳወጣ ዋናው ዕዳ ሠንጠረዤ ላይ ካለው በጣም ይበልጣል። ለካ የጨመርኩት ገንዘብ ለሚቀጥለው ወር እንደ ቅድሚያ ክፍያ ተይዞ ተቀምጧል። ወለዱ አልቀነሰም። ማመልከቻ ጽፌ፣ «ተጨማሪው ከዋናው ገንዘብ ላይ ይቀነስልኝ» ብዬ ነው የተስተካከለልኝ። የአራት ወሩ ወለድ ግን አልተመለሰልኝም።

በምሳሌያችን ይህን ከመጀመሪያው ወር ማወቅ ይቻላል። የወሩ ወለድ 7,500 ብር ነው። ከ17,274 ላይ 7,500 ሲነሳ 9,774 ይቀራል፣ ዕዳው 590,226 መሆን አለበት። ስቴትመንቱ 593,226 ካለ 3,000ዋ ከዋናው ላይ አልተነሳችም። ልዩነቱ ጥቂት ብር ብቻ ከሆነ ባንኩ ወለዱን በቀን አስልቶት ይሆናል፣ እሱ አያስጨንቅም።

እነዚህ ሦስቱም ማስያዎች የሚሠሩት ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ለሚሰላ ብድር ነው። አንዳንድ አነስተኛ አበዳሪዎች ወለዱን በመጀመሪያው የብድር መጠን ላይ እስከ መጨረሻው ያሰሉታል። ከወለድ ነጻ በሆነው በሙራባሃም ትርፉ ከመነሻው ተወስኖ ነው የሚገባው። በእነዚህ ላይ ጨምሮ መክፈል ወሩን ቢያሳጥርም የምትከፍሉትን ጠቅላላ ገንዘብ በራሱ አይቀንሰውም፤ ቅናሽ ካለ ተጠይቆ የሚገኝ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የብድር ክፍሉን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይ የሚሰላው? ቀድሞ መክፈልስ ቅጣት አለው?