የሮተር ባላንስ ሲገዙ፦ በሐዲድ ላይ ወይስ በማሽን በሁለት ጠለል?

በጎንደር ለእህል ወፍጮ፣ ለመኖ መፍጫ ወይም ለነፋስ መንፊያ «ባላንስ ይሠራልኝ» ብሎ የሚሽከረከረውን ክፍል፣ ማለትም ሮተሩን፣ ወደ ቶርኖ ቤት የሚወስድ ባለንብረት፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይቀርቡለታል። አንደኛው ሮተሩን በውሃ ልክ በተስተካከሉ ሁለት ለስላሳ ሐዲዶች ላይ አስቀምጦ ከባዱ ወገን ወደ ታች ሲዞር ማየትና በተቃራኒው ወገን ክብደት መጨመር ነው። ሁለተኛው ሮተሩን እያዞሩ በሁለቱም የኩሽኔታ ቦታዎች የሚደርሰውን ንዝረት መለካትና በዘንጉ ርዝመት ላይ በተመረጡ ሁለት ቦታዎች ክብደት ማስተካከል ነው። ክብደት የሚጨመርበትን ወይም የሚቀነስበትን፣ ዘንጉን በቀጥታ የሚያቋርጠውን ክብ ገጽ የማረሚያ ጠለል እንለዋለን።

የመጀመሪያው ዘዴ የሚያገኘው ስታቲክ መዛባትን ብቻ ነው። የሮተሩ የክብደት ማዕከል ከመሽከርከሪያው መስመር ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ፣ ሮተሩ ቆሞም ቢሆን ከባዱ ወገን ወደ ምድር ይሳባልና ሐዲዱ ይህን በታማኝነት ያሳያል። ሆኖም በግራ ጫፍ ላይኛው ወገን፣ በቀኝ ጫፍ ደግሞ ታችኛው ወገን እኩል የከበደ ሮተር በሐዲድ ላይ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያቆሙት ይቆማል፤ ሁለቱ ክብደቶች እርስ በርስ ይካካሳሉና። ሲዞር ግን እያንዳንዱ በየፊናው ወደ ውጭ ስለሚጎትት ዘንጉን እንደ ማማሰያ ጫፍና ጫፉን በተቃራኒ አቅጣጫ ያወዛውዘዋል። ይህ ጥንድ መዛባት ይባላል። በገበያ ላይ ዳይናሚክ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ በትክክለኛው አጠራር ግን ዳይናሚክ መዛባት ስታቲኩና ጥንዱ ተደባልቀው የሚገኙበት አጠቃላይ ሁኔታ ነው፣ በእውነተኛ ሮተር ላይም አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው እሱን ነው።

ልዩነቱን ለማየት በአዘዞ በኩል የሠራሁትን አንድ የመኖ መፍጫ ላንሣ። ሮተሩ 60 ኪሎ ይመዝናል፣ በደቂቃ 1500 ዙር ይዞራል፣ በአራት ፒኖች ላይ በእያንዳንዱ ስድስት መዶሻዎች ተንጠልጥለውበታል። ባለቤቱ ያለቁትን ሁለት መዶሻዎች በአዲስ ተክቶ ነበር። ጠንቃቃ ሰው ስለሆነም የተቃራኒ ፒኖችን መዶሻዎች በአንድነት መዝኖ ድምራቸው እኩል መሆኑን አረጋግጧል። «ግራሙ ሳይቀር ልክ ነው፣ ታዲያ ለምን ይንቀጠቀጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ከድምሩ ሳይሆን ከአቀማመጡ የመጣ ነበር፤ አንዱ አዲስ መዶሻ በመጀመሪያው ፒን ግራ ጫፍ፣ ሌላው በተቃራኒው ፒን ቀኝ ጫፍ ተሰክተው ነበር፤ እያንዳንዱም ፊት ለፊቱ ካለው አሮጌ መዶሻ በ50 ግራም ይበልጥ ነበር።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። የመዶሻው የክብደት ማዕከል ሲዞር ከዘንጉ መሐል 200 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ በ1500 ዙርም ያ 50 ግራም ትርፍ 247 ኒውተን ያህል፣ ማለትም 25 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ የሚያሳርፈውን ያህል ኃይል ወደ ውጭ ይጎትታል። ሁለቱ መዶሻዎች በዘንጉ ርዝመት በ500 ሚሊ ሜትር፣ ኩሽኔታዎቹ ደግሞ በ800 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቁ፣ በእያንዳንዱ ኩሽኔታ ላይ ወደ 16 ኪሎ የሚጠጋ፣ በሰከንድ 25 ጊዜ አቅጣጫውን እየዞረ የሚመታ ጫና ያርፋል። ዙሩ ወደ 3000 ቢያድግ ይህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ከሚፈቀደው በላይ ነው ወይ? የሮተር ሚዛን ዓለም አቀፍ መስፈርት የሆነው አይኤስኦ 21940-11 ለመፍጫ ማሽኖች የሚመክረው ደረጃ G16 ሲሆን፣ የሚፈቀደው ቀሪ መዛባት U በግራም-ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ትርፉ ክብደት ከዘንጉ መሐል ባለው ርቀት ተባዝቶ፣ እንዲህ ይሰላል፤ G የደረጃው ቁጥር፣ m የሮተሩ ክብደት በኪሎ፣ n በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው፦

```
U = 9549 × G × m ÷ n
U = 9549 × 16 × 60 ÷ 1500 ≈ 6111
```

ኩሽኔታዎቹ ከሮተሩ መሐል እኩል ስለሚርቁ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሹ፣ 3055 ያህል ነው። የእኛው ጥንድ ግን በእያንዳንዱ መዶሻ 50 × 200፣ ማለትም 10000 ሲሆን፣ በ500 ለ800 ርቀት ወደ ኩሽኔታዎቹ ሲተላለፍ በእያንዳንዱ 6250 ይሆናል፤ ከተፈቀደው ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ይኸው ሮተር በሐዲድ ላይ ቢፈተን ፍጹም ጤነኛ ይመስላል። መፍትሔው ማሽን እንኳ አላስፈለገውም፤ ሁሉንም መዶሻዎች አውልቀን አንድ በአንድ መዘንናቸው፣ ከዚያም በተቃራኒ ፒኖች ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩት እኩል እንዲሆኑ አድርገን መለስናቸው። ስለዚህ መዶሻ ያለው ሮተር ያለዎት ለባላንስ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ያድርጉ፤ ባላንስ የሚሠራለትም ባዶው ሮተር ይሁን።

የሁለቱ ጠለል አገልግሎት ዋጋውን የሚያወጣው መዛባቱ በሮተሩ አካል ላይ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ዲስኩ ተበይዶ ሲጠገን። እዚህ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ክብደቱን ለብየዳ በተመቸ ቦታ መጨመር ነው። በግራ ዲስክ ላይ ያለ ክብደት በቀኝ በኩል ባለው ፑሌጋ ላይ ሲካካስ ሐዲዱ ይረካል፣ ነገር ግን ስታቲክ የነበረው መዛባት አሁን ወደ ጥንድ መዛባት ተለውጧል፤ ፑሌጋው በተቀየረ ቀን ደግሞ ማረሚያውም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የማረሚያ ጠለሎች ሲመረጡ በተቻለ መጠን እርስ በርስ የተራራቁ፣ ለኩሽኔታዎቹ የቀረቡና ብረት ሲቀነስባቸው ወይም ሲጨመርባቸው የማይዳከሙ ይሁኑ። በመኖ መፍጫው የመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች ተስማሚ ናቸው፣ ዘንጉ ራሱ ግን አይበየድም፣ አይበሳም። ርቀቱ ከፍ ያለ ለውጥ ያመጣል፤ በ500 ሚሊ ሜትር ርቀት በየጠለሉ 50 ግራም የሚያርመውን ጥንድ፣ ጠለሎቹ በ100 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢራራቁ በዚያው ራዲየስ በየጠለሉ 250 ግራም ይጠይቃል። ከኩሽኔታ ውጭ የተንጠለጠለ ሰፊ መንፊያ ለማረም አስቸጋሪ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ክብደቱ ሲበየድ የብየዳው መሬት ገመድ በራሱ በሮተሩ ላይ ይያዝ፤ በማሽኑ ወንበር ላይ ከተያዘ ጅረቱ በኩሽኔታው ውስጥ አልፎ ኳሶቹን ያቃጥላል።

ታዲያ የትኛውን ይግዙ? ስፋቱ ከዲያሜትሩ ግማሽ በታች የሆነና ከ1000 ዙር በታች የሚዞር ዕቃ፣ እንደ ጠባብ መንፊያ፣ ፑሌጋና የውሃ ፓምፕ ጎማ ያለው፣ በአብዛኛው አንድ ጠለል ይበቃዋል፤ ለዚህ ሐዲድ ርካሽና በቂ ነው፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ርዝመቱ ከዲያሜትሩ ጋር የሚቀራረብ እንደ መፍጫው ያለ ሮተር በመቶዎች የሚቆጠር ዙር እየዞረ ከሆነ ሁለት ጠለል ያስፈልገዋል። ይህ የሠራተኛ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ቀጭንና ረጅም ሆኖ ወደ ራሱ መታጠፊያ ፍጥነት ተጠግቶ ለሚዞር ዘንግ ግን ሁለቱም አይበቁም፤ ተጨማሪ ጠለሎችና በሥራ ፍጥነቱ የሚደረግ ልኬት ያሻዋል።

ማሽኑን ሳይነቅሉ የሚያርም ተንቀሳቃሽ መለኪያ የሚገዙ ከሆነ፣ የንዝረቱን መጠን ብቻ ሳይሆን ንዝረቱ በዙሩ ውስጥ በየትኛው ማዕዘን እንደሚደርስ የሚናገር ይሁን። ሁለቱ ኩሽኔታዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ከመቱ መዛባቱ ስታቲክ፣ በተቃራኒ ከመቱ ጥንድ፣ በመካከል ከሆነ የተደባለቀ ነው። የተጣመመ ዘንግ፣ የላላ ብሎንና በትክክል ያልተጋጠመ ፑሌጋም ተመሳሳይ ንዝረት ስለሚያመጡ እነሱ አስቀድመው ይፈተሹ።

ሥራውን ለሌላ የሚሰጡ ከሆነ ደግሞ ወረቀት ይጠይቁ፤ በወረቀቱ ላይ የሮተሩ ክብደት፣ ዙሩ፣ የደረጃው ቁጥር፣ የሁለቱ ጠለሎች ቦታና በእያንዳንዱ ላይ የቀረው ግራም-ሚሊ ሜትር ይጻፍ። አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ወረቀት ከቀረበልዎ የተሠራው በአንድ ጠለል ነው፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ይሁን።