የፀጉር ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት፦ «የደንበኛ ምስክርነት» የተባለው ቪዲዮ እንዴት እንደሚዘጋጅ እወቁ

በቲክቶክና በቴሌግራም «በ3 ሳምንት ፀጉር ያበቅላል» እየተባለ በሦስት ጠርሙስ ጥቅል የሚሸጥ ዘይት ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ በተለይም በቅርቡ የወለዳችሁ እናቶች፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡ እጠይቃለሁ። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ አሠራሩ የአንድ ሻጭ ብቻ ስላልሆነ ስሙን ማወቅ ከሌላው አያድናችሁም። እኔ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የማስታወቂያ ጽሑፍ በማዘጋጀት የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ የደንበኛ ምስክርነት እንዴት እንደሚጻፍ፣ እንዴትም እንደሚቀረጽ አውቃለሁ።

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በአክስቴ ልጅ በኩል ነው። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ሦስት ወር ገደማ ሲሆናት ፀጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣ ጀመር። ቪዲዮዎቹን አይታ ሦስቱን ጠርሙስ በ4,800 ብር ገዛች። ሁለት ወር ያህል ከተቀባች በኋላ ሻጩ በውስጥ መስመር ጻፈላት፤ አጭር ቪዲዮ ቀርጻ ብትልክ ቀጣዩን ጥቅል በግማሽ ዋጋ እንደሚሰጣት ነገራት። ከመልእክቱ ጋር የሚነበበውን ጽሑፍ አያይዞ ልኮላት ነበር። ጽሑፉ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

«ሰላም፣ እኔ እንኳን ብዙ አላወራም። (ሳቅ በይ) ፀጉሬ ሙሉ በሙሉ ተመልጦ፣ ከቤት መውጣት ሁሉ አፍሬ ነበር። ያልሞከርኩት ነገር የለም። እ... መጀመሪያ ላይ እውነት ለመናገር አላመንኩም ነበር። (እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በይ) በ3 ሳምንት ውስጥ ግን ራሴ ማመን አቃተኝ። አሁን ሰው ሁሉ ምን ተጠቅመሽ ነው ይለኛል። ለእኔ ሠርቶልኛል፣ እናንተም ሞክሩት።»

በሙያ ዓይን ካየሁት ጽሑፉ ደካማ አይደለም። «እ...» የምትለዋ፣ መሳቋ፣ ቆም ማለቷ፣ «አላመንኩም ነበር» የሚለው ጥርጣሬ ሁሉ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው፤ ሰው ከልቡ ሲናገር እንዲህ ስለሚናገር አድማጩ ጥበቃውን ያላላል። ስለዚህ «አነጋገሯ ተፈጥሯዊ ነው፣ ስክሪፕት አይመስልም» ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ ልታምኑት የማይገባውን ምልክት ይዛችኋል ማለት ነው። የአነጋገርን ለዛ የሚጽፍ ሰው አለ፤ እኔም ለደመወዜ የምጽፈው እሱን ነው። መታየት ያለበት ጽሑፉ ያስቀረው ነገር ነው፤ በዚህኛው ላይ የቀረውም ብዙ ነው።

የአክስቴ ልጅ መውለዷ በጽሑፉ ውስጥ የለም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በእርግዝና ጊዜ በሆርሞን ምክንያት ብዙ ፀጉር ሳይረግፍ ይቆያል፤ ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲቀንስ የቆየው ፀጉር በአንድነት መርገፍ ይጀምራል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይጀምርና ምንም ሳይደረግለት፣ ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ውስጥ በብዙዎቹ እናቶች ላይ ራሱ ይመለሳል። አንዲት እናት ዘይት የምትገዛው ደግሞ መርገፉ እጅግ ባስጨነቃት ሰሞን ነው፤ ይኸውም ሊሻላት በተቃረበበት ወቅት ነው። ያኔ የዘይት ጠርሙስ ቢገዛም፣ ባይገዛም በብዙዎቹ ላይ ፀጉሩ መመለሱ አይቀርም። ሻጩም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ማስታወቂያው «ለእናቶች» ተብሎ ተለይቶ መሠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር ጥብቅ ሹሩባ መሠራቷን አቁማ ነበር። ሥሩን እየሳበ የሚሠራ ሹሩባ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ያለውን ፀጉር ያሳሳል፤ ቶሎ ከተተወ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይዞ ላይመለስ ይችላል። ሁለት ነገር በአንድ ሰሞን ተለውጦ ሳለ ምስጋናው ሁሉ ለዘይቱ ተሰጠ።

ሦስተኛው «3 ሳምንት» የሚለው ነው። የራስ ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ስለዚህ በ3 ሳምንት ውስጥ አዲስ የበቀለ ፀጉር ቢኖር እንኳ ርዝመቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፤ ከትከሻ ወደ ወገብ የደረሰ ፀጉር የሚያሳይ ቪዲዮ የተቀረጸው በሌላ መንገድ ነው። የእኛ ፀጉር ሲደርቅ ይጠቀለላል፤ «በፊት» የሚለው ፎቶ ላይ ደርቆ እንደተጠቀለለ፣ «በኋላ» የሚለው ላይ ረጥቦ ወይም በካውያ ተስቦ ከታየ በአንድ ቀን ውስጥ ያንኑ ልዩነት ማሳየት ይቻላል። ሁለቱን ፎቶዎች ስታዩ ፀጉሩ በአንድ ዓይነት ሁኔታ መሆኑን፣ መሃል ክፍሉ በአንድ ቦታ መሆኑንና ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ መምጣቱን ተመልከቱ። በብርሃን ብቻ የራስ ቆዳ ሊጎላም ሊደበቅም ይችላል።

የገንዘብ ተመላሽ ዋስትናውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በማስታወቂያው ላይ «በ30 ቀን ውስጥ ለውጥ ካላዩ ገንዘብዎ ይመለሳል» ተብሏል፤ ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው ወረቀት ግን ሙሉ ውጤት ለማየት 90 ቀን ሳያቋርጡ መቀባት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። በ30ኛው ቀን ቅሬታ ብታቀርቡ ገና አልጨረሳችሁም ትባላላችሁ፤ በ90ኛው ቀን ብትመጡ ጊዜው አልፏል ትባላላችሁ። ሦስት ጠርሙስ በአንድ ላይ የሚሸጠውም ለዚህ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ምስክርነት በእውነት ሊሠራ እንደሚችል ለማሳየት፣ የአክስቴ ልጅ የተላከላትን ወረቀት ትታ የሆነውን ነገር እንዲሁ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ዘዴው በሙያችን የታወቀ ነው፤ ለተናጋሪው የሚነበብ ጽሑፍ አይሰጠውም፣ ጥያቄ ይጠየቃል። ከመጀመሯ በፊት ምን እንደነበረ፣ በዚያው ሰሞን ሌላ ምን እንደለወጠች፣ ምን ያህል ጊዜ እንዴት እንደተቀባች፣ ምን ሳይለወጥ እንደቀረ፣ ለቪዲዮውም ምን እንደተሰጣት ጠይቄ መለሰችልኝ። ከዚያ መደጋገሙን ብቻ ቆርጬ በራሷ ቃል ጻፍኩት። ውጤቱ ይህ ነው፦

«ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነኝ ፀጉሬ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ይወጣ ጀመር፣ ግንባሬ ዳር ዳሩን ሳሳ። ዘይቱን የጀመርኩት ልጄ አምስት ወር ሲሆነው ነው። በሳምንት ሁለቴ ማታ ተቀብቼ አድራለሁ፣ ጠዋት እታጠባለሁ። ሹሩባ ከዚያ በፊት ትቼ ነበር። አሁን ፀጉሬ ለስልሷል፣ ሳበጥረው እንደ ድሮው እየተሰበረ አይወጣም፣ ይሄን ወድጄዋለሁ። ግንባሬ ላይ አጫጭር ፀጉር ብቅ ብሏል፤ ከዘይቱ ይሁን ከወሊድ በኋላ ራሱ የሚመለሰው ይሁን አላውቅም። በቀኝ በኩል ያለው የሳሳ ቦታ እንደነበረ ነው። ሽታው ጠንከር ይላል፣ ትራስም ያበላሻል። ለዚህ ቪዲዮ በቀጣዩ ጥቅል ላይ ግማሽ ዋጋ እንደሚቀነስልኝ ነግረውኛል።»

ይህን ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። ትራሱና የቀኝ በኩሉ ቦታ ከወንበር ላይ ተቀምጦ ሊፈጠሩ የሚከብዱ ዝርዝሮች ናቸው፤ ተፈጥሯዊነቱ የመጣው ከእነሱ እንጂ «ሳቅ በይ» ከሚል ትእዛዝ አይደለም። የዘይቱ ጥቅምም አልተካደም፤ ዘይት ዘለላውን በማለስለስ መሰበርን ሊቀንስ ይችላል፣ አንድ ነጋዴም በዚሁ ብቻ ሐቀኛ ገበያ ሊያገኝ ይችላል። ችግሩ የማለስለሻን ነገር በማብቀያ ዋጋ መሸጡ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህንኛውን ቀርጻ ላከች፤ ሻጩ «ጠንከር ያለ ነገር የለውም» ብሎ መለሰላት፣ ቅናሹም ቀረ። እንግዲህ በገጹ ላይ የምታዩዋቸው ምስክሮች በዚህ ወንፊት ያለፉት ብቻ መሆናቸውን አስቡ፤ የጠፋውን ማንም አያሳያችሁም።

አንዳንድ ሻጮች ወቀሳ ሲመጣባቸው በቪዲዮው ግርጌ «ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል» የሚል ጽሑፍ ያክላሉ። ይህ አያጸዳቸውም። በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን በተለይ ልብ በሉ፤ የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሻሻለው መመሪያ፣ ያልተለመደን ውጤት አሳይቶ በእንዲህ ያለ ማስተባበያ ብቻ ማምለጥን የሚፈቅደውን አሠራር ትቶታል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ጥሩ ነገር ብቻ እንዲባል በሚል ቅድመ ሁኔታ ለደንበኛ አስተያየት ክፍያ ወይም ቅናሽ መስጠትን የሚከለክል ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። በአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አቤቱታ ለማቅረብ ማስረጃ ያስፈልጋልና ቪዲዮውን፣ የዋስትናውን ቃልና የክፍያ ደረሰኙን ከመጥፋታቸው በፊት ስክሪን ሾት አንሥታችሁ አስቀምጡ።

ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ሻጩን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ በቪዲዮው ላይ ያለችው ሴት በዚያው ጊዜ ሌላ ምን ትጠቀም ነበር፣ ምንስ ተሰጣት? ቪዲዮ እንድትሠሩ የተጠየቃችሁ ከሆነ ደግሞ የተላከላችሁን ጽሑፍ አታንብቡ፤ ፊታችሁና ድምፃችሁ ዕቃው ካለቀ በኋላም በገጹ ላይ ይቀራል፣ ለሌላ ምርት ሲውልም ላታውቁ ትችላላችሁ።

ከወሊድ በኋላ አንድ ዓመት አልፎ መርገፉ ካልቆመ፣ ፀጉሩ በክብ በክብ እየለቀቀ ከወጣ፣ ወይም የራስ ቆዳችሁ የሚያሳክክና የሚላላጥ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የማይቆም መርገፍ ከደም ማነስ ወይም ከእንቅርት ዕጢ ችግር ሊመጣ ይችላልና ምክንያቱ በምርመራ ይለያል። ሐኪሙ ሚኖክሲዲል የተባለውን መድኃኒት ቢያዝ እንኳ ለውጡን ለማየት ቢያንስ አራት ወር ገደማ በየቀኑ መቀባት ያስፈልጋል፤ የምታጠቡ ከሆነ ማጥባታችሁን ሳትነግሩት አትጀምሩት።