ዘጠኝ ወር ከተጠቀምኩበት ስልክ፦ እናቴን ከራሷ ድምፅ ጋር ያነጋገራት ጥፋት

ይህን ስልክ ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ስሙን አልጠራም። የምነግራችሁ ጣጣ በየትኛውም ስልክ ላይ ሊደርስ ይችላል። ባትሪው ጎበዝ ነው፤ ጠዋት ሞልቼው ወጥቼ ማታ ስገባ ገና አልተንጠፈጠፈም። ካሜራው ቀን ቀን ያምራል፣ ማታ ግን ጤነኛውን ሰው ሁሉ ወባ የያዘው ያስመስላል። ከዚህ በላይ ስለ ካሜራ የምለው የለኝም። የገዛሁት ለመደወል ነው፤ ያስቸገረኝም እዚያው ላይ ነው።

በአምስተኛው ወር አካባቢ ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ማማረር ጀመረች። «ልጄ፣ ምን ሆኖ ነው? ራሴው ጠያቂ ራሴው መላሽ ሆንኩ እኮ!» አለችኝ። «ደህና ነህ?» ስትል «ደህና ነህ?» የሚል የራሷ ድምፅ ተመልሶ ይመጣባታል። የገደል ማሚቶ ማለት ነው፣ ያውም ገደል በሌለበት። እኔ ጋ ግን ጥርት ብላ ነው የምትሰማኝ። ስለዚህ ሁላችንም የምናደርገውን አደረግሁ። «ኔትወርኩ ነው እማዬ» አልኳት።

ሳምንት አለፈ፣ አልተሻላትም። ቀጥዬ የጠረጠርኩት የእሷን ስልክ ነው። ያረጀ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የምትይዘው። «አርጅቶ ነው» ብዬ አዲስ ገዝቼ ላክሁላት። አዲሱም ያው ሆነ። ገንዘቤን ያወጣሁት በንጹሑ ስልክ ላይ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ስልክ የሚጠግን የሰፈራችን ልጅ ሲያስረዳኝ ነው። የራሱን ድምፅ ተመልሶ የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ ያለው ከወዲያኛው ሰው ዘንድ ነው። የእናቴ ድምፅ እኔ ጋ ይደርሳል፣ ከስልኬ ስፒከር ይወጣል፣ የስልኬ ማይክ ደግሞ ያንኑ ድምፅ ይሰማና መልሶ ይልክላታል። እኔ ምንም አይሰማኝም። የማስቸግረው እኔ፣ የምትቸገረው እሷ። ቅሬታው ሁሌም ወደ ተሳሳተው ስልክ የሚያመለክተው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁ አንድ ቀላል ፈተና አሳየኝ። ማታውኑ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ጋ ደወልኩ፤ እሷም ስታማርር ነበር። «እትዬ፣ ከአንድ እስከ አስር ቀስ ብለሽ ቁጠሪልኝ። መሃል ላይ ማይኬን እዘጋዋለሁ» አልኳት። መቁጠር ጀመረች። «አራት» ስትል ሚዩት የሚለውን ነካሁ፣ «ሰባት» ስትል ለቀቅሁት። ስትጨርስ ጠየቅኋት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲመለስልኝ ነበር፤ መሃል ላይ ጠፋ፤ ስምንት ላይ እንደገና መጣ» አለች። ማይኬ ሲዘጋ ማሚቶው ከጠፋ፣ የሚገባው በማይኬ ነው። ተዘግቶም ቢሆን ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ ከመስመሩ ወይም ከራሷ ዕቃ ነው ማለት ነበር። አስር ድረስ መቁጠር ብቻ ነው ያስወጣኝ። አዲስ ስልክ ከመግዛቴ በፊት ባውቀው ኖሮ!

የእትዬ ማሚቶ ከእናቴ ይብስ ነበር። ምክንያቱ መዘግየት ነው። የራሳችን ድምፅ ቶሎ ከተመለሰ፣ በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ጆሯችን እየተናገርነው ካለው ድምፅ ጋር ያዋህደዋል፤ አይረብሸንም። የሞባይል ጥሪ ግን ለመሄድ ብቻ 100 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሊፈጅ ይችላል። ደርሶ መልስ ሲሆን እጥፍ ነው። ባሕር የሚሻገር ሲሆን ደግሞ ይጨምራል። በዘገየ ቁጥር ድምፁ ከእኛ ይለያል፣ እንደ ሌላ ሰው ይሆናል። እትዬ «አንድ ሰው እያሾፈብኝ ነው የሚመስለው» ያለችው ለዚህ ነው።

እንዲህ ከሆነ ሁሉም ስልክ ማሚቶ የማይፈጥረው ለምንድን ነው? ስፒከሩም ማይኩም አንድ መዳፍ በምታህል ዕቃ ላይ ናቸው። መልሱ ስልኩ ውስጥ ያለች የመቀነስ ሥራ ናት። ስልኩ ወደ ስፒከሩ የላከውን ድምፅ ያውቀዋል፤ ራሱ ነዋ የላከው። ያ ድምፅ ወደ ማይኩ ሲመለስ ምን ያህል ደክሞና ዘግይቶ እንደሚደርስ ይገምታል፣ ከዚያ ማይኩ ከሰማው ላይ ይቀንሰዋል። የሚተርፈው የእኔ ድምፅ ብቻ መሆን አለበት። ግምቱን የሚማረው ግን እየሰማ ነው። አንዳንዴ ጥሪ እንደተጀመረ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ማሚቶ ተሰምቶ የሚጠፋው እየተማረ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰላምታ ፈተና ይሆንበታል። እኔና እናቴ ስንጀምር «ደህና ነሽ? ደህና ነህ? እንዴት ሰነበትሽ? እንዴት ሰነበትክ? እግዚአብሔር ይመስገን» እኩል እየተናገርን ነው። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ስልኩ የትኛው የእኔ፣ የትኛው የተመለሰ እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል፤ መማሩም ይዘገያል። እንግዲህ እናቴ ሰላምታ በማሳጠር አትታማም።

ሌላው የሚያሸንፈው ነገር የድምፅ መጠን ነው። ስፒከር ጥግ ድረስ ሲከፈት ይንቀጠቀጣል፤ የሚያወጣው ድምፅ ከተላከለት ጋር አንድ አይሆንም። የተበላሸውን ከጤነኛው ላይ መቀነስ አይቻልም፣ ስለዚህ ትርፉ ወደ ወዲያኛው ሰው ይሄዳል። ከእትዬ ጋር ድምፁን ከጥግ ወደ ግማሽ ሳወርደው «ቀነሰ፣ ግን አለ» አለች። ከቨሩን ሳወልቀው ደግሞ ትንሽ ተሻለ። ወፍራም ከቨር ቀዳዳው ከማይኩ ጋር ካልገጠመ ድምፅን በስልኩና በከቨሩ መሃል እንደ ቦይ ይመራዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገላገላል። እኔ አልተገላገልኩም።

ሦስተኛው ሙከራ ብሉቱዝ ማዳመጫ ነበር። እሱን ሳገናኝ ማሚቶው ጭራሽ ጠፋ። የስልኩ የራሱ ስፒከርና የራሱ ማይክ ከጨዋታ ሲወጡ ከጠፋ፣ ችግሩ እዚያው ሁለቱ መሃል ነው።

አራተኛውን የጥገናው ልጅ ነው የነገረኝ፤ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከታች ያለችውን የማይክ ቀዳዳ በጣቴ ድፍን አደረግኋት። እትዬ «አንተ ጉድጓድ ውስጥ የገባህ ትመስላለህ፣ የእኔ ድምፅ ግን ልክ እንደ ቅድሙ ይመለሳል» አለችኝ። ድምፁ በአየር ዞሮ፣ በቀዳዳዋ የሚገባ ቢሆን ኖሮ እሱም አብሮ ይታፈን ነበር። ካልታፈነ የሚጓዘው በስልኩ ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው።

ያኔ ነው አራተኛው ወር ትዝ ያለኝ። ከታክሲ ስወርድ ስልኩ ከኪሴ ወድቆ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ነበር። አንድ ሱቅ ወስጄ አስቀየርኩ። ሥራው ንጹሕ ነበር፣ ለዓይን። ቅሬታው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እኔ ግን አላገናኘሁትም። ስክሪን ተቀይሮ ድምፅ ይበላሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ልጁ ከፈተውና አሳየኝ። ጆሯችን ላይ የምናደርገው ስፒከር ዙሪያዋን በቀጭን ስፖንጅ የታሸገች መሆን አለባት። ድምፁ ወደ ውጭ ብቻ እንዲወጣ ነው። የእኔዋ ዙሪያ ራቁቱን ነው። ከታች ማይኩ ላይም እንደ ምስር ፍሬ የምታክል ጎማ ነበረች፤ መኖሯን የሚያሳየው የቀረው ምልክት ብቻ ነው። ስክሪኑን የቀየረው ሰው ሲያወጣ አብረው ወልቀው ሳይመልሳቸው ቀርተዋል። ትርፍ ዕቃ መስለውት ይሆናል። ስለዚህ የእናቴ ድምፅ ከላይ ወጥቶ፣ በባትሪው ጎን ሾልኮ፣ ከታች ማይኩ ጋ ይደርሳል። የመቀነሷ ሥራ ደግሞ ፋብሪካ ላይ የተለካችው ለታሸገ ስልክ ነው። ይህን ያህል ጎርፍ አልጠበቀችም።

ሁለቱንም ከሞተ ስልክ ላይ አውጥቶ ተከለልኝ። የማይኩን መረብም በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጠረገልኝ። መርፌ መክተት አይሆንም፤ ከጀርባዋ ያለችውን ስስ ሽፋን ይቀዳታል። ጠቅላላ ሥራው ከሃያ ደቂቃ አልበለጠም። እዚያው ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ዛሬ ብቻህን ነህ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሊሆን ነው። ጆሮ ላይ ሲሆን ማሚቶ የለም። ላውድ ላይ ሳደርገው ሌላ ጠባይ አለው፦ ሁለታችን እኩል ስንናገር የእኔ ድምፅ ይቆራረጣል። ስልኩ ማሚቶውን ቀንሶ ሲያቅተው ማይኩን ለቅጽበት ዝቅ ያደርገዋል፤ የእኔም ቃል አብሮ ይዋጣል። ይህ ጥገና የማይፈታው ነው። ላውድ ላይ ከሆንኩ እስክትጨርስ ዝም እላለሁ።

የመንገድ ዳር ርካሽ ባለ ገመድ ኢርፎን ግን ተውኩ። እሱ ሌላ ዓይነት ማሚቶ አለው። ማይኩና ማዳመጫው አንድ የጋራ ሽቦ ነው የሚመለሱበት። ሽቦው ከሳሳ ወይም ሶኬቱ ከቆሸሸ የአንዱ ድምፅ በኤሌክትሪክ ወደ ሌላው ይሻገራል። ጆሯችሁ ላይ ብትጫኑትም፣ ድምፅ ብትቀንሱም ብዙ አይለወጥም። ነቅላችሁ ስትደውሉ ከጠፋ እሱ ነው።

እናንተ ራሳችሁ ማሚቶ የምትሰሙ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁን ስልክ ለመፍታት አትቸኩሉ። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው? የእሱ ነው፤ ላውዱን እንዲያጠፋ፣ ከቨሩን እንዲያወልቅ፣ እስከ አስር ስትቆጥሩ ሚዩት እንዲያደርግ ንገሩት። ከሁሉም ሰው ጋር ከሆነ ግን መጀመሪያ ኢርፎናችሁን ንቀሉ፣ ቀጥሎ ያንኑ ሰው አንዴ በመደበኛ ጥሪ፣ አንዴ በቴሌግራም ሞክሩት። በአንዱ ብቻ ከመጣ መንገዱ ላይ ነው።

ስልኩን ደግሜ እገዛው ነበር? አዎ። ጥፋቱ የከፈተው ሰው እንጂ የስልኩ አልነበረም። አሁን ስክሪን የሚያስቀይር ሰው ካገኘሁ አንድ ነገር እነግረዋለሁ፦ ሱቁን ሳትለቅ ደውል፣ ወዲያኛውንም ሰው ድምፁ ይመለስለት እንደሆነ ጠይቀው።

ለእናቴ የላክሁት አዲሱ ስልክ ካርቶኑ ውስጥ ተመልሶ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ባለ ቁልፉ ይሻለኛል ብላለች።