የተዋጠ ጥቁር ወይስ የገረጣ ምስል፦ የኮንሶልና የስክሪን የቀለም ክልል ሳይጣጣም ሲቀር

የጨዋታ ኮንሶል የምስሉን የብርሃን ደረጃ ለስክሪኑ በቁጥር ይልካል። ሙሉ ክልል የሚባለው አሠራር ጥቁርን በ0፣ ነጭን በ255 ያስቀምጣል፤ ከቴሌቪዥን ሥርጭት የመጣው ውስን ክልል ግን ጥቁርን በ16፣ ነጭን በ235 ይወስናል። ኮንሶሉና ስክሪኑ በአንዱ ከተስማሙ በዓይን የሚለይ ልዩነት እምብዛም የለም፤ ችግሩ የሚመጣው ሲለያዩ ነው።

ኮንሶሉ ሙሉ ልኮ ቴሌቪዥኑ ውስን ነው ብሎ ከተቀበለ፣ ከ16 በታች ያለው ሁሉ አንድ ጥቁር ይሆናል። በሌሊት ትዕይንት ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ቢቆም፣ በ5 እና በ12 መካከል የተሣሉት የካፖርቱ እጥፋቶች ይጠፉና ጠፍጣፋ ጥላ ብቻ ይቀራል፤ ከ235 በላይ ያለው የደመና ዝርዝርም እንዲሁ ይነጣል። ብዙዎች ይህን «ደማቅ ምስል» ብለው መውደዳቸው ያስገርመኛል።

በተቃራኒው፣ ኮንሶሉ ውስን ልኮ ስክሪኑ ሙሉ ነው ብሎ ሲያነብ፣ 16 እንደ ጥቁር ሳይሆን እንደ ጥቁር ግራጫ ይታያል። መብራት አጥፍተው ጨዋታው እስኪጫን የሚመጣውን ጥቁር ገጽ ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር ቢያስተያዩት ጉም የለበሰ ይመስላል። ዝርዝሩ ግን አልጠፋም፤ ስለዚህ ከሁለቱ ስሕተቶች ይህ ይሻላል።

በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ክልሉን የሚወስነው RGB Range የሚለው ምርጫ በ Video Output ውስጥ ይገኛል። ቴሌቪዥን ላይ ሁለቱንም ወገን ውስን ማድረግ፣ የኮምፒውተር ሞኒተር ላይ ደግሞ ሙሉ ማድረግ እመርጣለሁ። የብርሃን መጠንን ከፍና ዝቅ ማድረግ አንዱን ጫፍ ቢያስተካክል ሌላውን ያበላሻል።