ለ24 ፎቅ መኖሪያ የትኛው የውሃ ፓምፕ ይሻላል? አንድ ስብስብ፣ በየዞኑ ስብስብ ወይስ የጣሪያ ታንከር

እንዲህ ያለ ህንፃ እንያዝ። 24 ፎቅ ነው። በየፎቁ 4 ቤት አለ፤ በድምሩ 96። ከፎቅ ፎቅ 3.2 ሜትር ነው። 1ኛ ፎቅ የምለው ከመሬት እኩል ያለውን ነው። መቀበያ ታንከሩ ምድር ቤት ተቀምጧል፤ ውሃው ከመሬት 4 ሜትር ዝቅ ብሎ ይተኛል።

ለዚህ ህንፃ ሦስት ዓይነት አቅርቦት ይመጣላችኋል። አንደኛው ህንፃውን በሙሉ የሚገፋ አንድ የቡስተር ፓምፕ ስብስብ ነው፤ ታችኞቹ ፎቆች በግፊት ቀናሽ ቫልቭ ይጠበቃሉ። ሁለተኛው ፎቆቹን ከታች ወደ ላይ በዞን ይከፍልና ለየዞኑ የራሱን ስብስብ ይሰጣል። ሦስተኛው ውሃውን ጣሪያ ላይ ያወጣና በራሱ ክብደት ወደ ታች ይለቀዋል።

ዋጋ ከማወዳደራችን በፊት ግን ዞኑን እንቁረጥ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 24ን ለሁለት ከፍሎ 12፣ 12 ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ስሌቱ ግን እሺ አይልም። ከዞኑ የመጨረሻ ፎቅ ሻወር ላይ 2 ባር ግፊት እንፈልጋለን እንበል፤ ይህ የ20 ሜትር ውሃ ያህል ነው። ከዞኑ ታችኛ ቧንቧ ላይ ደግሞ ከ5 ባር እንዳይበልጥ እንፈልጋለን። ከዚያ ካለፈ ቧንቧ ሲከፈት ይጮኻል፣ ውሃ በከንቱ ይሄዳል፣ የመታጠቢያው ተጣጣፊ ቱቦም ዕድሜው ያጥራል። በመካከል የቀረን 30 ሜትር ነው። ከዚያ ላይ በመስመር ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋውን 5 ሜትር ያህል ቀንሱ። 25 ሜትር ቀረ። ለ3.2 ስናካፍለው 8 ፎቅ ገደማ ይወጣል። ስለዚህ ዞናችን ሦስት ነው፦ ከ1 እስከ 8፣ ከ9 እስከ 16፣ ከ17 እስከ 24። በ12 ፎቅ ዞን ግን 1ኛ ፎቅ ያለው ሰው 6 ባር ይደርሰዋል።

ቀጥሎ የውሃው መጠን። የሁሉንም ቤት ቧንቧ፣ ሻወርና ሽንት ቤት ብንደምር በሴኮንድ ከ80 ሊትር ያልፋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ግን አይከፈትም። የጀርመኑ ዲአይኤን 1988-300 ቀመር ለእንዲህ ያለ ህንፃ በሴኮንድ 2.5 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ለየቧንቧው ነጥብ እየሰጡ የሚደምሩት የቆዩ ሰንጠረዦች ከእጥፍ በላይ ይሰጣሉ። እኔ 4 ሊትር እይዛለሁ። ሻጭ 10 ሊትር ብሎ ከመጣ «ከየት አመጣኸው?» በሉት።

ከፍታውን ለአንዱ ስብስብ እናስላ። ከታንከሩ ውሃ እስከ 24ኛ ፎቅ ቧንቧ 79 ሜትር ነው። ሻወሩ የሚፈልገው 20 ሜትር፣ ለሰበቃ 8 ሜትር። ድምር 107 ሜትር፣ ማለትም 10.5 ባር ገደማ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው፤ 2ኛ ፎቅ የሚጠጣውም ውሃ መጀመሪያ ወደ 107 ሜትር ይገፋል፣ ከዚያ ግፊቱ ቫልቭ ውስጥ ይገደላል። የከፈላችሁበት መብራት ቫልቩ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

በየዞኑ ስብስብ ሲኖር 1ኛው ዞን 52 ሜትር፣ 2ኛው 79፣ 3ኛው 107 ይበቃቸዋል። ዞኖቹ እኩል ውሃ ከተጠቀሙ አማካዩ 79 ሜትር ነው። ሩብ ያህል ጉልበት ይቆጠባል።

| | አንድ ስብስብ | በየዞኑ ስብስብ | የጣሪያ ታንከር |
|---|---|---|---|
| ውሃው በአማካይ የሚገፋበት | 107 ሜትር | 79 ሜትር | 94 ሜትር ገደማ |
| መብራት ሲጠፋ | ወዲያው ይቆማል | ወዲያው ይቆማል | እስከ 18ኛ ፎቅ ይፈስሳል |
| የሚያስቸግረው | ቀናሽ ቫልቭ | ቦታና የፓምፕ ብዛት | ክብደትና ጽዳት |

የጣሪያው ታንከር የማይናቅ አንድ ጥቅም አለው። የጠዋቱን ግርግር የሚሸከመው ራሱ ታንከሩ ስለሆነ ወደ ላይ የሚያወጣው ፓምፕ በሴኮንድ 2 ሊትር ቢገፋ ይበቃዋል። ወደ 3 ኪሎዋት ነው። አንዱ ስብስብ ግን በግርግሩ ሰዓት 7 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። ጄኔሬተር ለሚገዛ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በሌላ በኩል ከታንከሩ ሥር ያሉት ፎቆች ይቸገራሉ፤ 24ኛ ፎቅ ላይ የሚደርሰው ግፊት ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። ከ19 እስከ 24 ላሉት ጣሪያው ላይ ትንሽ ቡስተር መጨመር ግድ ነው። ታችኞቹ ደግሞ እንደገና ቀናሽ ቫልቭ ያስፈልጋቸዋል፤ ያለዚያ 1ኛ ፎቅ ላይ ከ7 ባር በላይ ይወርዳል። 10 ሜትር ኩብ ውሃ 10 ቶን መሆኑንም ለስትራክቸር መሐንዲሱ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ስለ ቀናሽ ቫልቭ ያየሁትን ላጫውታችሁ። አንድ ህንፃ ውስጥ የ3ኛ ፎቅ ነዋሪዎች «ሌሊት ሌሊት ሽንት ቤቱ ያፏጫል» ይሉ ነበር። ቀን ስንሄድ ምንም የለም፤ ጌጁ 4.5 ባር ያሳያል። አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቆመን አየነው። ማንም ውሃ በማይጠቀምበት ሰዓት መርፌዋ ቀስ እያለች ወጥታ 8 ባር ላይ ቆመች። ቫልቩ ሲፈታ መቀመጫው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል የብየዳ ፍርፋሪ ተጣብቃለች። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዝጋት አልቻለም። ውሃ ሲፈስ አይታወቅም፤ ሲቆም ግን ግፊቱ ሾልኮ ያልፋል። አንደኛውን አማራጭ የምትገዙ ከሆነ ለየዞኑ ሁለት ቫልቭ ጎን ለጎን፣ ከፊታቸው ማጣሪያ፣ ከኋላቸው ጌጅ ይኑር። ይህን ሁሉ ስትጨምሩ «ርካሹ» አማራጭ ያን ያህል ርካሽ አይሆንም።

መቀበያ ታንከሩ ለሦስቱም ያስፈልጋል። ፓምፑ ከከተማው መስመር በቀጥታ እንዳይመጥ የሚከለክለው እሱ ነው። መስመሩ በሴኮንድ 1 ሊትር ቢሰጥና ነዋሪው ጠዋት ለ2 ሰዓት በአማካይ 2 ሊትር ቢጠቀም የሚጎድለው 7.2 ሜትር ኩብ ነው። ከታች የማይመጠጠውን ጨምሩበትና 9 ወይም 10 ያዙ። የከተማው ውሃ አንድ ቀን የሚጠፋ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በየቤቱ 4 ሰው ብንል 384 ሰው ነው፤ እያንዳንዱ በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም 38 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ማጠራቀም ውሃውን ያስተኛዋል። ሁለት ክፍል ቢሆን አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል። የመግቢያው ቧንቧ አፍ ደግሞ ከሚሞላው ውሃ በላይ ከፍ ብሎ ይቅር፤ ውሃው ተመልሶ ወደ መስመሩ እንዳይሳብ።

የእኔ ምርጫ? መብራት የማይቆራረጥበትና ጥሩ የጥገና ሰው ያለበት ህንፃ ላይ በየዞኑ ስብስብ። መብራት የሚጠፋ ከሆነ የጣሪያ ታንከር፣ ክርክር የለውም። አንዱን ስብስብ የምወስደው የፓምፕ ክፍሉ ሌላ የማያስገባ ሲሆን ብቻ ነው።

ያን ጊዜም 4 ሊትር የሚሰጡ ሁለት ትላልቅ ፓምፖች አልገዛም። 2፣ 2 ሊትር የሚሰጡ ሦስት ፓምፖች ይሻላሉ፤ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ይጠባበቃል። ሌሊት አንድ ሰው እጁን ሲታጠብ ትልቁ ፓምፕ በየደቂቃው ይነሳል፣ ይጠፋል። የፓምፑን ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተር ቢኖረውም ፍጥነቱን የሚቀንስበት ወሰን አለው። ትንሹ ፓምፕ ከፕሬዠር ታንክ ጋር ግን አርፎ ይተኛል።

ሻጩ ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን «ከፍተኛ 140 ሜትር» ቢያሳያችሁ አትቸኩሉ። ያ ቁጥር ውሃ ጨርሶ በማይፈስበት ጊዜ የሚለካ ነው። የፓምፑን ከርቭ ያምጣና በሴኮንድ 2 ሊትር ላይ ስንት ሜትር እንደሚሰጥ በጣቱ ያሳያችሁ። 107 ካልደረሰ ሌላ ያምጣ።