ሾፌሬን ያስጠረጠረኝ ጂፒኤስ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን ጂፒኤስ ኢሱዙዬ ላይ ካስገጠምኩት ስምንት ወር ሆነኝ። ታንከሩ ውስጥ የሚገባ የነዳጅ መለኪያ ዘንግ አለው። መኪናው የት እንደቆመ ያሳያል፣ አንድም ቀን አልተሳሳተም። እሱን እዚህ ላይ ልተወው። የኔ ጣጣ የወሩ ሪፖርት ነው።

መኪናው ከኮምቦልቻ ቆርቆሮና ዱቄት ጭኖ ደሴ ያራግፋል፣ ባዶውን ይመለሳል። ከመጋዘን መጋዘን 24 ኪሎ ሜትር ነው። በሦስተኛው ወር ሪፖርቱ እንዲህ አለኝ፦ የተሄደው 1,248 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ፍጆታ በሊትር 7.5 ኪሎ ሜትር። እኔም 1,248ን ለ7.5 አካፈልኩ። 166 ሊትር ወጣ። የማደያው ደረሰኝ ግን 260 ሊትር ይላል። 94 ሊትር ናፍጣ የት ገባ?

መቼም ሰው ነኝና መጀመሪያ የመጣልኝ ጀሪካን ነው። ሾፌሩን ጠርቼ ጮህኩበት፣ የወሩን አበል ያዝኩበት። «ወላሂ ጋሼ፣ አንድ ሊትር አልነካሁም። ከፈለጉ አብረን እንውጣ» አለኝ። እልህ ይዞኝ ወጣሁ።

ኮምቦልቻ ማደያ ታንከሩን እስከ አፉ ሞላን። ጭነን ወጣን። ያንን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፣ ማርሹ ከሁለትና ከሦስት አይላቀቅም። ደሴ ደርሰን እንደገና እስከ አፉ ስንሞላ 8 ሊትር ጠጣ። በሊትር 3 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አራግፈን ባዶውን ወረድን። ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ከነዳጅ ፔዳሉ አንስቶ በማርሽ ነው የሚይዘው። ኮምቦልቻ ስንሞላ 2 ሊትር ብቻ ገባ። በሊትር 12። አፑን ከፍቼ የሁለቱን ጉዞ ቁጥር አየሁ፤ 3 እና 12። ዘንጉ በትክክል ለክቷል!

ታዲያ ጉዱ የቱ ጋ ነው? አፑ 3 እና 12ን ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። 7.5! እኛ ግን ደርሶ መልስ 48 ኪሎ ሜትር ሄደን 10 ሊትር ነው የጨረስነው፤ በሊትር 4.8። ከአሥሩ ሊትር ስምንቱ ያለቀው ዳገት ላይ ሆኖ ሳለ፣ አፑ ለቁልቁለቷ ሁለት ሊትር እኩል ድምፅ ሰጣት። 1,248ን ለ4.8 ብታካፍሉት ደግሞ 260 ሊትር ልክ ይመጣል። ከደረሰኙ ጋር አንድ ነው።

የሚያናድደው፣ ስህተቱ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፎልኝ ነበር። ከታች «የኪሎ ሜትር ወጪ 25 ብር» ይላል። ይህኛው ትክክል ነው፣ ጠቅላላው ብር ለጠቅላላው ኪሎ ሜትር ተካፍሎ የወጣ ነው። ለስሌት እንዲመች የናፍጣውን ሊትር በ120 ብር ልቁጠረው። በሊትር የሚሄደውን ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትሩ ወጪ ስታባዙት የሊትር ዋጋ መምጣት አለበት። 4.8 በ25፣ 120 ብር። 7.5 በ25 ግን 187 ብር ከ50! በዚህ ዋጋ ናፍጣ ማን ሸጠልኝ? አንዲት ማባዛት ብሠራ ኖሮ ያን ሁሉ ጩኸት ባልጮህኩ።

ሻጩ አሁን ቢሰማኝ «ጋሼ፣ አማካይ እኮ አማካይ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። የኔ ወንድም፣ ሜዳ ላይ ለሚውል መኪና ይሁንልህ። ዳገት ጭኖ ወጥቶ ቁልቁለት ባዶ ለሚወርድ የኮምቦልቻ መኪና ይህ አማካይ አይደለም፣ ሐሜት ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ «ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር» የሚለውን ስመርጥ ሪፖርቱ ተቃና፤ መውጫውም መውረጃውም እኩል 24 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ነው። አልፎ አልፎ ወደ ወልዲያ ስንሄድ ርቀቱ ይለያያል፣ እንደገና ይዛባል። ስለዚህ አማካዩን ትቼ ጠቅላላውን ራሴ በካልኩሌተር አካፍላለሁ።

ማባዛቷም ሌባ አትይዝም፣ ይህን ልንገራችሁ። ሦስቱ ቁጥሮች ተስማሙ ማለት ስሌቱ ንጹሕ ነው ማለት ብቻ ነው። ደረሰኙ ላይ የሌለ ናፍጣ ከተጻፈ እነሱም አብረው ተስማምተው ይዋሻሉ። ለዚህ የምጠቀመው ዘንጉን ነው። በተቀዳበት ሰዓት ታንከሩ ስንት ሊትር እንደጨመረ አይቼ ከደረሰኙ ጋር አስተያያለሁ። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ካልሆነ ግን አላምነውም፤ ታንከሩ ሲያዘነብል ቁጥሩም ያዘነብላል።

ዕቃውን ልመልሰው ፈልጌ ነበር፣ አልመለስኩትም። ለዘንጉ ሲባል ይቀመጥ። ሪፖርቱን ለሠራው ሰው ግን ሳንቲም አልጨምርለትም። አበሉን ለሾፌሬ መለስኩ፣ ምሳም ጋበዝኩት። እሱ ግን አሁንም ነዳጅ ቀድቶ በመጣ ቁጥር ደረሰኙን ሲሰጠኝ «ጋሼ፣ አባዙት» ይለኛል።